የሴሚስተር ክፍያ ከፋፍዬ ልክፈል ብዬ ለፋይናንስ የጻፍኩትን ደብዳቤ እዩልኝ

የቱሉዲምቷ | እሁድ መስከረም 18፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እንኳን ለመስቀል በሰላም አደረሳችሁ።

በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የዚህ ሴሚስተር ክፍያዬ 27,600 ብር ነው። ምዝገባው ዓርብ መስከረም 30 ይዘጋል። እጃችን ላይ ያለው ግን 10,000 ብር ብቻ ነው።

አባቴ የአሸዋ መኪና ሹፌር ነው። መኪናው ከነሐሴ ጀምሮ ጋራዥ ቆሟል። የሚከፈለው በምልልስ ስለሆነ መኪናው ካልሄደ ምንም የለም። እናቴ ለሰፈራችን ሱቆች እንጀራ ታስረክባለች። አሁን ቤቱ የሚሄደው በእሷ ምጣድ ነው። 10,000ውን ትናንት ማታ መሶቡ ላይ ሁለት ጊዜ ቆጥራ ነው የሰጠችኝ።

ዩኒቨርሲቲው ችግር ያለበት ተማሪ በማመልከቻ መጠየቅ ይችላል ይላል። ያዘጋጀ ፎርም ግን የለውም። የጻፍኩት ይህ ነው፦

> ለዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ
>
> እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው ተማሪ በተከበረው ዩኒቨርሲቲያችሁ ትምህርቴን በመከታተል ላይ እገኛለሁ። ይሁን እንጂ አባቴ ሥራ በማቆሙ ቤተሰባችን ከፍተኛ የኢኮኖሚ ችግር ላይ ወድቋል። ስለዚህ አሁን 10,000 ብር፣ ኅዳር 7 ቀን 5,000 ብር ከፍዬ፣ ቀሪውን እንደተመቸኝ እስከ የካቲት ድረስ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ችግሬን ተረድታችሁ እንደ ልጃችሁ እንደምታዩኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ረቡዕ ላስገባው ነው ያሰብኩት። ምን ይጎድለዋል?

---

ዳኒ_ኮዬ | እሁድ፣ ምሽት 3፡05

አይዞሽ እህቴ። ግማሹን ከከፈልሽ መከልከል አይችሉም። 50 በመቶ ከከፈለ ተማሪ መመዝገብ አለበት፣ ሕግ ነው። እኔ ራሴ እንደዚያ ነው የተመዘገብኩት። ስለዚህ 3,800 ብር ብቻ ተበድረሽ 13,800 አድርጊውና ጨርሺ። ደብዳቤም አያስፈልግሽም።

---

ለገጣፎ_ልጅ | እሁድ፣ ምሽት 3፡20

ኮስት ሼሪንግ ፈርሚና ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ከደሞዝሽ ይቆረጣል እኮ። ለምን ትጨነቂያለሽ? እህቴ ጅማ እንደዚያ ነው የተማረችው።

---

የቱሉዲምቷ | እሁድ፣ ምሽት 3፡31

@ለገጣፎ_ልጅ አመሰግናለሁ። ግን ኮስት ሼሪንግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚፈርሙት ነው። የእኔ የግል ነው፣ ከኪስ ነው የሚከፈለው።

---

ገንዘብ_ቤት | እሁድ፣ ምሽት 4፡15

ልጄ፣ ደብዳቤሽን አነበብኩት። በአንድ የግል ኮሌጅ ገንዘብ ቤት 11 ዓመት ሠርቼ ነው የወጣሁት። እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ በየሴሚስተሩ በክምር ይገባልን ነበር። እስቲ ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ፣ ያኔ ምን እንደሚጎድለው ራስሽ ታይዋለሽ።

ደብዳቤው መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል። ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው ብዙ አያነብም። "ጉዳዩ" የሚለውን ያያል፣ ከዚያ ዳር ላይ በእጁ "ሂሳቡ ተጣርቶ ይቅረብልኝ" ብሎ ወደ አንዷ ሠራተኛ ይመራዋል። ያቺ ሠራተኛ እኔ ነበርኩ። የእኔ ሥራ የተማሪዋን የሂሳብ ካርድ አውጥቼ የቀደመ ዕዳ እንዳለባት ማየት ነው። የአንቺ ደብዳቤ መታወቂያ ቁጥር የለውም። ዲፓርትመንትም ዓመትም የለውም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው አራት ተማሪዎች ይኖራሉ። ስለዚህ ደብዳቤሽ "ተማሪዋ ትምጣ" ተብሎ ትሪው ውስጥ ይቀመጣል። አንቺ ደግሞ መልስ ትጠብቂያለሽ። ምዝገባ ይዘጋል።

ሁለተኛ "ትብብር ስለመጠየቅ" የሚለው ርዕስ ምንም አይነግረንም። የስፖርት ክበብ ድጋፍም ትብብር ነው። የፈለግሽውን ጻፊ፦ "የ1ኛ ሴሚስተር ክፍያ በአራት ዙር እንድከፍል ስለመጠየቅ።"

ትልቁ ግን የካቲት ነው። የሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተናችሁ መቼ ነው?

---

የቱሉዲምቷ | እሁድ፣ ምሽት 4፡22

ጥር 18 ይጀምራል፣ ካላንደሩ ላይ አለ። እርስዎ ባይነግሩኝ ስለ ቁጥሩ በፍጹም አላስብም ነበር። የካቲት ምን ችግር አለው?

---

ገንዘብ_ቤት | እሁድ፣ ምሽት 4፡40

የካቲት ከፈተና በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው በእጁ ያለው መያዣ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የፈተና መግቢያ ነው። ፈተናውን ከተፈተንሽ በኋላ ባትከፍዪ ውጤት ከመያዝ በቀር የሚያደርገው ነገር የለውም። ውጤት ደግሞ ተይዞበት የቀረ ስንት ተማሪ አለ! ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ ከፈተና በኋላ የሚውል ማመልከቻ ሲመጣ እኛ ምክንያቱን እንኳ አናነብም ነበር። ክፉዎች ስለሆንን አይደለም። ኃላፊው እንደማይፈርመው ስለምናውቅ ነው።

የመጨረሻውን ቀን ከጥር 18 ቢያንስ አንድ ሳምንት በፊት አድርጊው። "እንደተመቸኝ" የሚለውን ቃል ከደብዳቤሽ አውጪው። ቀንና ብር ብቻ ይኑር። ድምሩም ልክ 27,600 ይምጣ። ድምሩ የማይገጥም ስንት አይቻለሁ።

@ዳኒ_ኮዬ ወንድሜ፣ ሕግ አይደለም። አንዳንዱ ቤት ግማሽ ይላል፣ አንዳንዱ ሲሶ ይላል፣ አንዳንዱ ሙሉ ካልተከፈለ አይልም። የየተቋሙ መመሪያ ነው። ልጅቷ "ሕግ ነው" ብላ ብትገባ ትጣላለች።

---

ዳኒ_ኮዬ | እሁድ፣ ምሽት 4፡58

እሺ፣ የእኛ ግቢ ግማሽ ስለሆነ ሁሉም ጋ መስሎኝ ነው። ግን ደብዳቤ ሳልጽፍ ነው የገባሁት፣ ያ እውነት ነው።

---

እናት_ሰበታ | ሰኞ መስከረም 19፣ ጠዋት 1፡10

ልጄ፣ እኔ ወላጅ ነኝ፣ ከሰበታ። ልጄ ባለፈው ዓመት እንደ አንቺ ጠየቀ። ፈቀዱለት። ሁለተኛውን ዙር እኔ ነኝ ባንክ ሄጄ ያስገባሁት። በእኔ ስም። የእሱን ስም አልጻፍኩም፣ ማን ነገረኝ! ስሊፑን ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ እንደከፈልን ቆጠርነው። ፈተና ሊገባ ሲል "አልከፈልክም" አሉት። ገንዘቡ ዩኒቨርሲቲው አካውንት ውስጥ አለ፣ ግን የማን እንደሆነ አያውቁም። ስሊፑን ፈልጌ፣ ከሰበታ ሮጬ፣ ያን ቀን ሁለት ፈተና አመለጠው። በኋላ ነው እንደገና የፈተኑት። አሁንም ሳስበው ሆዴን ያመኛል።

---

ገንዘብ_ቤት | ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

@እናት_ሰበታ ይህን ማንሳትሽ ጥሩ ነው፣ በየሴሚስተሩ የሚሆን ነገር ነው። የባንክ ስሊፕ ገንዘቡ እንደገባ ያሳያል እንጂ ተማሪው እንደከፈለ አያሳይም። ስሊፑን ወደ ገንዘብ ቤት ወስዶ የዩኒቨርሲቲውን ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። በተማሪው ካርድ ላይ የሚመዘገበው ያኔ ነው። በስልክ ሲላክም ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ መታወቂያ ቁጥሩ ይጻፍ። አንድ ጊዜ ለሚከፍል ሰው ይህ ቀላል ነው። በአራት ዙር የሚከፍል ግን አራት ጊዜ መሄድ አለበት። የቱሉዲምቷ፣ ደረሰኞቹን ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጪ።

---

የቱሉዲምቷ | ሰኞ፣ ከሰዓት 10፡15

ከእናትና ከአባቴ ጋር ቁጭ ብለን ቀኖቹን አወጣን። አባቴ በሰፈር ዕቁብ አለው፣ ዕጣው ታኅሣሥ 5 ነው፣ እሁድ ነው የሚሰበሰቡት። እናቴ ደግሞ በየወሩ 5,000 እችላለሁ ብላለች፣ ከዚያ በላይ ጤፉ አይፈቅድም። እንዲህ ሆነ፦

በምዝገባ ዕለት 10,000 ብር። ኅዳር 7 ደግሞ 5,000 ብር። ታኅሣሥ 10፣ ዕቁቡ ከወጣ በኋላ 9,000 ብር። ጥር 5 ቀን 3,600 ብር። ድምሩን ሦስት ጊዜ ደመርኩት፣ 27,600 ነው።

---

የማታ_ተማሪ | ሰኞ፣ ምሽት 1፡50

ኅዳር 7 እሁድ ነው። ባንክም ገንዘብ ቤትም ዝግ ነው። ዓርብ ኅዳር 5 አድርጊው። ሰኞ ብትከፍዪ በወረቀት ላይ አንድ ቀን ዘግይተሻል ማለት ነው።

ጥር 5ም አያምረኝም። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ከበዓል በኋላ ስድስት ቀን ብቻ ነው ያለሽ። ማን ቤት ገንዘብ ይኖራል? እኔ ብሆን ሦስተኛውን 12,600 አድርጌ በታኅሣሥ እዘጋው ነበር።

---

የቱሉዲምቷ | ሰኞ፣ ምሽት 2፡20

እሁድ መሆኑን አላየሁም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አስተካክላለሁ።

ገናው ግን ለእኛ ቤት ተቃራኒ ነው። እናቴ በዓመት ውስጥ በጣም የምትሸጠው በበዓል ሳምንት ነው። ከዋዜማው ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ትጋግራለች፣ እኔም ሊጡን አቡክቼላት ነው የምተኛው። 3,600ው የሚመጣው ከዚያ ነው። ዕቁቡ ደግሞ ሙሉውን አይተርፍም፣ ከእሱ የጋራዥ ዕዳ አለበት።

---

ገንዘብ_ቤት | ሰኞ፣ ምሽት 2፡45

በቃ እንደዚያ ይሁን። ቀኑ ገንዘቡ ከሚገባበት ቀን ጋር ሲገጥም ነው የሚከፈለው። ብዙ ተማሪ ክፍያውን በአራት እኩል ይከፍለዋል፣ 6,900፣ 6,900 እያለ። ወረቀት ላይ ያምራል። ሁለተኛው ዙር ላይ ይወድቃል። ዕቁቡን በደብዳቤው ላይ ጥቀሺው። ለምን 9,000 እንዳልሽ የሚያሳይ እሱ ነው።

---

የማታ_ተማሪ | ሰኞ፣ ምሽት 3፡00

ዕቁብ መጻፍ ላይ አልስማማም። ዕቁብ ማረጋገጫ የለውም። ኃላፊው "ዕጣው ባይወጣስ?" ይላል። የአባትሽ አሠሪ መኪናው ቆሟል ብሎ ማኅተም ያለው ወረቀት ይስጥሽ፣ እሱ ይበልጣል።

---

ገንዘብ_ቤት | ሰኞ፣ ምሽት 3፡12

የአሠሪው ወረቀት ከተገኘ ይያያዝ፣ ጥሩ ነው። ግን እሱ የሚያሳየው ለምን እንደተቸገረች ነው። ከየት እንደምትከፍል አያሳይም። እኔ ጠረጴዛ ላይ ሳለሁ የምፈልገው ሁለተኛውን ነበር። ሌላው ቤት ሌላ ሊል ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ረስተናል። ቅጣት አላቸው?

---

የቱሉዲምቷ | ሰኞ፣ ምሽት 3፡25

አለ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በዘገየ ክፍያ በወር 5 በመቶ ይላል።

---

ገንዘብ_ቤት | ሰኞ፣ ምሽት 3፡40

እንግዲያው በ17,600 ላይ የመጀመሪያው ወር ብቻ 880 ብር ነው። ከእናትሽ 5,000 ላይ ይህ ሲቀነስ አስቢው። ከፋፍለሽ ክፈይ ማለትና ቅጣት የለብሽም ማለት ሁለት የተለያየ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ነው፣ ቅጣቱን የሚያስበው ግን ኮምፒውተሩ ነው፣ በራሱ ይጨምራል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ለብቻው ጠይቂ። መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

---

የቱሉዲምቷ | ማክሰኞ መስከረም 20፣ ምሽት 1፡30

እንደገና ጻፍኩት። የአባቴ አሠሪ ወረቀቱን ሰጥቷል። ዕቁቡንም አስገባሁት፣ አባቴ "እውነቱን ነው የምትጽፊው፣ ምን ያሳፍራል" አለኝ።

> ቀን፦ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ዳይሬክቶሬት
>
> ጉዳዩ፦ የ2018 ዓ.ም. 1ኛ ሴሚስተር ክፍያ በአራት ዙር እንድከፍል ስለመጠየቅ
>
> እኔ ስሜና የመታወቂያ ቁጥሬ ከዚህ በታች የተጠቀሰው የአካውንቲንግ 3ኛ ዓመት የመደበኛ ተማሪ ነኝ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ክፍያ በሙሉ አጠናቅቄያለሁ፣ የመጨረሻው ደረሰኝ ኮፒ ተያይዟል።
>
> የዚህ ሴሚስተር ክፍያዬ 27,600 ብር ነው። አባቴ የሚያሽከረክረው መኪና ከነሐሴ ወር ጀምሮ በብልሽት በመቆሙ ክፍያውን በአንድ ጊዜ መፈጸም አልቻልኩም። የአሠሪው ማስረጃ ተያይዟል።
>
> ስለዚህ በሚከተለው መሠረት እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ፦ በምዝገባ ዕለት 10,000 ብር፤ ኅዳር 5 ቀን 5,000 ብር፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 9,000 ብር፤ ጥር 5 ቀን 3,600 ብር። የኅዳሩና የጥሩ ክፍያ ከእናቴ የእንጀራ ሽያጭ፣ የታኅሣሡ ታኅሣሥ 5 ቀን ከሚደርሰው የአባቴ ዕቁብ የሚፈጸም ነው። ክፍያው ከማጠቃለያ ፈተና በፊት ይጠናቀቃል።
>
> በእነዚህ ቀናት እስከከፈልኩ ድረስ የዘገየ ክፍያ ቅጣት እንዳይታሰብብኝ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
>
> ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ
>
> ግልባጭ፦ ለሬጅስትራር

---

እናት_ሰበታ | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡55

እንዴት ደስ ይላል። ግን ትንሽ ደረቅ አልሆነም? "እንደ ልጃችሁ እዩኝ" ያልሽው እኔን ልቤን ነክቶኝ ነበር። ሰው ናቸው እኮ።

---

ገንዘብ_ቤት | ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡10

"በትህትና እጠይቃለሁ" በይ፣ ያ ይበቃል። ሌላውን ፊት ለፊት ስትቀርቢ ትናገሪዋለሽ። ገጹ አንድ መሆኑ ደግሞ ጥሩ ነው።

ግልባጩን ማድረግሽ በጣም ጥሩ ነው። ፋይናንስ ፈቅዶ ሬጅስትራር ሳይሰማ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያኔ ክላስ ትገቢያለሽ፣ መምህሩ የስም ዝርዝር ሲያወጣ የለሽም። ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። መዝገብ ቤት አንዱን ይቀበላል። ሁለተኛው ላይ የተቀበሉበትን ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጊ። ያ ኮፒ ከእጅሽ አይውጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ስትመለሺ "ደብዳቤዬ የት ደረሰ" ሳይሆን "ቁጥር ይህ የሆነ ደብዳቤ ለማን ተመራ" ብለሽ ጠይቂ። ወዲያው ይገኛል።

---

የቱሉዲምቷ | ረቡዕ መስከረም 21፣ ከሰዓት 8፡20

አስገባሁት። ከቤት 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ቃሊቲ ላይ ሰልፍ ያዘኝ፣ 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ኮፒው ላይ ማኅተም ስል መጀመሪያ "ምን ያደርግልሻል" አለችኝ። ቆሜ ስጠብቅ መታችልኝ።

---

የቱሉዲምቷ | ማክሰኞ መስከረም 27፣ ምሽት 12፡45

መልስ መጣ! ዓርብ ሄጄ ቁጥሩን ስነግራቸው ከአንዷ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ገና አላየችውም ነበር። እዚያው ካርዴን አውጥታ ዕዳ እንደሌለብኝ አረጋገጠች። ዛሬ ተፈርሞ ወጣ። አራቱንም ዙር ፈቅደዋል፣ አንድ ለውጥ ብቻ አደረጉ። የመጀመሪያውን 11,000 አድርጊ፣ የመጨረሻውን 2,600 አሉ። አንድ ሺውን አክስቴ ሰጠችኝ፣ ነገ ከፍዬ ደረሰኝ እቀበላለሁ።

ግን ደብዳቤው ስለ ቅጣት ምንም አይልም። "በጠየቁት መሠረት በአራት ዙር እንዲከፍሉ ተፈቅዷል" ብቻ ነው የሚለው። ይህ ቅጣቱንም ይጨምራል?

---

ዳኒ_ኮዬ | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡00

"በጠየቁት መሠረት" ካለ ያልሽውን ሁሉ ነው። የጠየቅሽው ቅጣት እንዳይኖር ነው። ዝም በይ፣ ብትጠይቂ ያስታውሳሉ።

---

ገንዘብ_ቤት | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡25

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ።

የዳኒ ንባብ ሊያስኬድ ይችላል። እኔ ግን አልተማመንበትም። ነገ ስትከፍዪ ለካሸሯ ሳይሆን ካርድሽን ላወጣችልሽ ሠራተኛ፣ ደብዳቤውን ይዘሽ "ኅዳር 5 ስመጣ ስንት ነው የምከፍለው?" በያት። 5,000 ካለችሽ እዚያው ደብዳቤው ኮፒ ላይ ትጻፍልሽና ትፈርም። ከ5,000 በላይ ካለችሽ ገና አንድ ወር አለሽ፣ ለኃላፊው ለማስረዳት ጊዜ ይበቃል።

---

የማታ_ተማሪ | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡40

ብትጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ብዙዎቹ በእጅ ጽፈው አይፈርሙም። እምቢ ካለችሽ አትጣያት።

---

የቱሉዲምቷ | ረቡዕ መስከረም 28፣ ከሰዓት 9፡10

11,000 ከፍዬ ደረሰኙን ይዣለሁ፣ ተመዝግቤያለሁ። ስሜ ሬጅስትራር ጋም አለ፣ ራሴ አይቻለሁ። ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። "ሲስተሙ ኅዳር ላይ ምን እንደሚያወጣ አሁን አላውቅም" አለችኝ። ግን ስልኳን ሰጠችኝና ኅዳር 3 ደውዪልኝ አለች። እናቴ 880ውን ለብቻ ማስቀመጥ ጀምራለች።

---

እናት_ሰበታ | ረቡዕ፣ ምሽት 12፡30

ኅዳር 5 ስትከፍዪ ስሊፑ ላይ መታወቂያ ቁጥርሽን ጻፊ። አደራ።